ሶማሌላንድን በካርታው ላይ በምን ቀለም እንቀባት?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። የብሔርን፣ የሀገርንና የመንግሥትን ልዩነት ሳስረዳ አንዲት ተማሪ ‹ሶማሌላንድ ታዲያ ከሦስቱ የትኛዋ ናት?› አለችኝ። የራሷ ገንዘብ፣ ፓስፖርትና ምርጫ አላት፤ በዓለም ካርታ ላይ ግን የለችም። ለክፍላችን ግድግዳ የአፍሪካ ቀንድን ካርታ እየሳልን ስለሆነ በምን ቀለም እንደምንቀባት ተቸግረናል። ቢያብራሩልን?»

ምላሽ፦ ሰላም መምህር። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ዓለም አቀፍ ሕግ ነው የማስተምረው። ተማሪዎ የያዘችው ጥያቄ የሕግ ተማሪዎችንም ክፍለ ጊዜ ሙሉ የሚያከራክር ስለሆነ በደንብ ሊመለስላት ይገባል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቅርባችን ልጀምር። ከከተማችን የክልል ቢሮዎች የወጣ ማናቸውንም ደብዳቤ ራስጌ ቢያዩ «የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» የሚል ያገኛሉ። ክልሉ ሕገ መንግሥት አለው፤ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስና ሰንደቅ ዓላማም አለው፤ ግብር ይሰበስባል። ይሁን እንጂ በጎረቤት ካለችው ሱዳን ጋር የድንበር ወይም የውኃ ውል ልፈራረም ቢል አይችልም። በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 መሠረት የውጭ ግንኙነት የፌዴራሉ ሥልጣን ነውና። ስለዚህ በዚያ ራስጌ ላይ ያለው «መንግሥት» አንድ የአስተዳደር እርከን ነው እንጂ በዓለም ፊት ራሱን ችሎ የሚቆም አካል አይደለም። «ብሔራዊ» የሚለውም ክልሉ የአንድ ብሔር ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች በውስጡ አሉ።

ተማሪዎችን የሚያደናግራቸው በአማርኛ «መንግሥት» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው በሥልጣን ላይ ያለውን አስተዳደር ነው፤ ይሾማል፣ ይሻራል፣ ይወድቃል። ሁለተኛው ከአስተዳደሮቹ በላይ የሚቀጥለው፣ ውል የሚዋዋለው፣ ዕዳ የሚኖርበት፣ በተባበሩት መንግሥታት ወንበር ያለው አካል ነው። ይህን ሁለተኛውን ከዚህ በኋላ «ሀገረ መንግሥት» እለዋለሁ።

ልዩነቱን ለማሳየት ጣናን የመሰለ ምሳሌ የለም። በ1902 ዐፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል ላይ ጣና በስሙ ተጠቅሷል፤ ከብሪታንያና ከሱዳን አስተዳደር ጋር ሳይስማሙ በዐባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ እንደማያሠሩ ምኒልክ ቃል ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ዘውዱ ወደቀ፤ ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ኢሕአዴግም እንዲሁ። ውሉ ዛሬ ያስራል ወይስ አያስርም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ነገር ግን ክርክሩ በተነሣ ቁጥር ለመልስ የሚጠራው ወገን አንድ ነው፤ ኢትዮጵያ። አስተዳደሮቹ አልፈዋል፤ ሀገረ መንግሥቱ አላለፈም። ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያን አዲስ አበባን ይዛ በነበረበት ጊዜም እንዲያው ነው። ብሪታንያ በ1938 ወረራውን በሕግ ደረጃ ተቀብላ ነበር፤ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ሜክሲኮ ግን አልተቀበሉም። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆና ተቀመጠች። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ሶማሊያ ስንሄድ እንፈልገዋለን።

ብሔር የሕዝብ ነገር ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ሲተረጉመው ሰፋ ያለ የጋራ ባህል ወይም ተመሳሳይ ልምድ፣ የሚግባቡበት ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብለው ማመን፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ አብዛኛው የተያያዘ መኖሪያ ይላል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው «አለን ብለው ማመን» የሚለው ይመስለኛል። ብሔር ጉምሩክም ኬላም አያስፈልገውም። ሶማሌን ይውሰዱ፤ ቋንቋውም ሃይማኖቱም አንድ የሆነ፣ በሶማሊያ፣ በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ ተከፋፍሎ የሚኖር ሕዝብ ነው። በሶማሊያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ የኖረው በቅኝ ግዛት ዘመን የተከፋፈሉትን አምስት የሶማሌ መኖሪያዎች እንዲወክል ተብሎ ነው። አንድ ብሔር፣ ብዙ ሀገረ መንግሥት። እኛ ዘንድ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው።

ሀገር ከሦስቱ በሕግ በኩል በጣም ልል የሆነው ነው። መሬቱን፣ ሰዉን፣ ትዝታውን ሁሉ ያቅፋል። ስኮትላንድ በስኮቶች ዘንድ ሀገር ናት፤ በእግር ኳስም ለብቻዋ ትሰለፋለች፤ በተባበሩት መንግሥታት ግን ወንበር የላትም፤ የብሪታንያ አካል ናትና። ስለዚህ «ሶማሌላንድ ሀገር ናት?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ በዋና ከተማዋ በሐርጌሳ ላደገ ሰው ሀገሩ ናት፤ በዚህ ላይ የሚከራከረው የለም። ክርክሩ ያለው ሀገረ መንግሥት ናት ወይ በሚለው ላይ ነው።

ለዚህ መለኪያ ተብሎ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው በ1933 በኡራጓይ፣ ሞንቴቪዴዮ የተፈረመው ስምምነት ነው። አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የተወሰነ ግዛት፣ አስተዳደር፣ ከሌሎች ጋር ግንኙነት የመመሥረት ችሎታ። በአንቀጽ 3 ላይ ደግሞ የአንድ ሀገረ መንግሥት ፖለቲካዊ ህልውና በሌሎች ዕውቅና ላይ እንደማይመሠረት ይናገራል። በዚህ መለኪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሶማሌላንድ ጉዳይ ከረጅም ጊዜ በፊት በተዘጋ ነበር። ሕዝብ አላት። ከ1994 ጀምሮ የራሷ ሽልንግ አላት። ምርጫዋም ለይስሙላ አይደለም፤ በ2003 የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ውጤት በመጀመሪያ ሲገለጽ አሸናፊው ተፎካካሪውን የበለጠው በ80 ድምፅ ብቻ ነበር፤ ተሸናፊው ወገንም ጫካ አልገባም። በኖቬምበር 2024 ደግሞ በሥልጣን ላይ የነበሩት ሙሴ ቢሂ በምርጫ ተሸንፈው ለአብዲራህማን ኢሮ አስረክበዋል። እንዲህ ያለ ርክክብ በአፍሪካ ቀንድ ብርቅ ነው፤ በግሌ ሳከብረው እኖራለሁ።

ታዲያ ለምን ተንጠልጥላ ቀረች? መልሱ ያለው በ1960 አምስት ቀናት ውስጥ ነው።

የብሪታንያ ሶማሌላንድ ነፃ የወጣችው ጁን 26 ቀን 1960 ነው። ከሠላሳ በላይ ሀገሮች ዕውቅና ሰጧት። ጁላይ 1 ደግሞ በጣሊያን ሞግዚትነት ትተዳደር የነበረችው ደቡቧ ነፃ ስትወጣ ሁለቱ ተዋሕደው የሶማሊያ ሪፐብሊክ ሆኑ። በመካከል ያሉት አምስት ቀናት ናቸው የዛሬው ሙግት ሁሉ ምሰሶ። ሐርጌሳ «ሀገረ መንግሥት ሆነን፣ ዕውቅና አግኝተን፣ በፈቃዳችን ነው የተዋሐድነው፤ ስለዚህ በ1991 ከማንም አልተገነጠልንም፣ ወደ ቀድሞው ቦታችን ነው የተመለስነው» ትላለች።

የውሕደቱ ሰነድ ደግሞ ራሱ ጣጣ አለበት። የሐርጌሳ ምክር ቤት ያጸደቀው የውሕደት ሕግ አንድ ነበር፤ ሞቃዲሾ የተቀበለችው ጽሑፍ ሌላ። አንድ ወጥ የውሕደት ሕግ የወጣው በ1961 መጀመሪያ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። በዚያው ዓመት በጁን ሕገ መንግሥቱ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ፣ በሰሜን ብዙ ሰው ከድምፅ መስጫው ቀረ፤ ከመረጠውም ከግማሽ በላዩ ተቃወመ። በአጠቃላይ ድምር ግን ሕገ መንግሥቱ አለፈ። ሞቃዲሾ በበኩሏ «ውሕደቱ ተፈጽሟል፤ ለሠላሳ ዓመታት በአንድ ሰንደቅ ዓላማ፣ በአንድ ወንበር፣ በአንድ ፓስፖርት ኖረናል፤ የወረቀት ጉድለት ይህን አያፈርሰውም» ትላለች። እንደ ሕግ ሰው ሁለቱንም ሙግት ሳይ የሞቃዲሾው ቀላል አይደለም። ሠላሳ ዓመት አብሮ መኖር በሕግ ፊት ክብደት አለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው፤ አጭር ስለሆነ ግን አይደለም። በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ራሷን ሐርጌሳን ደበደቡ። ከከተማዋ መሀል ዛሬ በሐውልት ላይ የቆመው ሚግ አውሮፕላን የዚያ መታሰቢያ ነው። በጃንዋሪ 1991 ሲያድ ባሬ ወደቀ፤ ሜይ 18 ቀን ቡርዖ ላይ የተሰበሰቡት የጎሳ ሽማግሌዎችና የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መሪዎች ነፃነት አወጁ። በ2001 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔም በነፃነት የሚጀምረውን ሕገ መንግሥት 97 ከመቶ ያህሉ ደገፉት።

እዚህ ላይ ያን ያዙልኝ ያልኩትን እንመልሰው። ከ1991 በኋላ ሞቃዲሾ ለዓመታት አስተዳደር የሚባል አልነበራትም። በሞንቴቪዴዮ መለኪያ ከታየ ከሁለቱ ፈተናውን የምትወድቀው እሷ ነበረች። ነገር ግን የሶማሊያ ወንበር በኒውዮርክ አልተነሣም፤ ሀገረ መንግሥት አስተዳደሩ ስለፈረሰ ብቻ አይጠፋምና። ስለዚህ ሁለት ነገር በሁለት እጅ ሆነ፦ መሬቱን የያዘችው ሐርጌሳ፣ ዕውቅናውን የያዘችው ሞቃዲሾ። ለተማሪዎችዎ ይህን ሲያስረዱ፣ በወንድሙ ስም የይዞታ ደብተር የወጣለትን ማሳ ሠላሳ ዓመት ያረሰ ገበሬን ቢጠቅሱላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። እርሻው እውነት ነው፤ ደብተሩም እውነት ነው፤ ባንክ ብድር የሚሰጠው ግን ደብተሩን አይቶ ነው። በዓለም ላይ አወዛጋቢ የሚባሉት ግዛቶች አብዛኞቹ፣ ሶማሌላንድም ሆነች ኮሶቮ ወይም ምዕራብ ሳሃራ፣ ዝርዝራቸው ቢለያይም ይዞታና ባለቤትነት የተለያዩባቸው ናቸው።

እንግዲህ ደብተሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞረው እንዴት ነው? በአፍሪካ እስካሁን ያየነው መንገድ የቀድሞው ባለቤት ሲስማማ ነው። ኤርትራ በ1993 በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢነት ሕዝበ ውሳኔ አደረገች፤ በአዲስ አበባ የነበረው የሽግግር መንግሥት ተቀበለ፤ በሜይ 24 ነፃነቷ ታወጀ፣ በሜይ 28 የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። አራት ቀን ነው የፈጀው። ደቡብ ሱዳን በጁላይ 9 ቀን 2011 ነፃ ወጣች፤ ካርቱም ዕውቅና ሰጠች፤ በጁላይ 14 አባል ሆነች። ሁለቱም ሲገቡ አስተዳደራቸው ከሐርጌሳው የጠነከረ ስለነበር አይደለም። «ይሂዱ» የሚል ፊርማ ከቀድሞው ዋና ከተማ ስላገኙ ነው። ይህ ፊርማ ካለ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ከሌለ ግን በሩ ጠባብ ነው፤ አዲስ አባል ለመሆን በጸጥታው ምክር ቤት ከ15ቱ የ9ኙ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ እንኳ ውድቅ ማድረግ የለበትም፤ ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል።

ከውሕደት ወጥቶ ወደ ቦታ መመለስ ታይቶ የማይታወቅ ነገር አይደለም። ሶሪያ በ1958 ከግብፅ ጋር ተዋሕዳ በ1961 ስትወጣ ወንበሯን ያለ ብዙ ውጣ ውረድ መልሳ ያዘች። ሐርጌሳም ይህን ትጠቅሳለች። ልዩነቱ ግን ካይሮ ላይ የነበሩት ናስር በመጨረሻ አለመቃወማቸው ነው። ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ፊርማ እንመለሳለን።

የአፍሪካ ኅብረትስ? በ1964 ካይሮ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባላት በነፃነት ዕለት የነበሩትን ድንበሮች እንደሚያከብሩ ወሰኑ። ያንን ውሳኔ ካልተቀበሉት አንዷ ሶማሊያ ነበረች፤ ሶማሌዎችን ሁሉ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የማሰባሰብ ሕልም ነበራትና። ዛሬ ያው ውሳኔ ለሁለቱም መሣሪያ ሆኗል። ሐርጌሳ «በጁን 26 ቀን 1960 የነበረኝ ድንበር» ትላለች፤ ሞቃዲሾ «በጁላይ 1 የነበረኝ ድንበር» ትላለች። በ2005 የኅብረቱ አጣሪ ቡድን ሶማሌላንድ ድረስ ሄዶ ጉዳዩ በአፍሪካ የፖለቲካ ታሪክ ልዩ እንደሆነና ራሱን ችሎ ሊታይ እንደሚገባው የሚያመለክት ሪፖርት አቀረበ። ኅብረቱ ግን አልገፋበትም። አንዱን ከፈቀዱ ሌላው ይከተላል የሚለው ስጋት በብዙ አባላት ዘንድ አለ፤ ስጋቱንም ማጣጣል አይገባም፤ እኛም የምንኖርበት አህጉር ነው።

ሐርጌሳንም የሚከብዳት እውነት አለ። «የተወሰነ ግዛት» የሚለው መለኪያ በምሥራቅ ይላላል። በሶል አካባቢ የሚኖሩት የዱልባሃንቴ ጎሳ ሰዎች ብዙዎቹ ከሶማሊያ ጋር መሆንን ነው የሚመርጡት። በ2023 መጀመሪያ በላስ አኖድ ውጊያ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ፤ በኦገስት የሶማሌላንድ ጦር ከከተማዋ ዙሪያ ለቆ ወጣ፤ የሞቃዲሾ መንግሥትም እዚያ የተቋቋመውን አስተዳደር ተቀበለ። ብሔር ምን ያህል እንደሚያስተሳስር፣ ምን ያህልስ እንደማያስተሳስር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም፤ ሁሉም ሶማሌ ናቸው፤ በአንድ ሀገረ መንግሥት ግን አልተስማሙም። ሐርጌሳ በቅኝ ግዛት መስመር ላይ ሙግቷን ከመሠረተች ያ መስመር የሚያቅፋቸውን ሰዎች ፈቃድ መያዝ ነበረባት ብዬ አምናለሁ፤ በላስ አኖድ የጎደለው ይህ ነው።

ዕውቅና ማጣት በወረቀት የሚቀር ነገር አይደለም። ሐርጌሳ ያለ ሰው የሚደወልለት በሶማሊያው 252 ኮድ ነው። ከዓለም ባንክ ወይም ከገንዘብ ድርጅቱ በራሷ ስም መበደር አትችልም። ወደ ሐርጌሳ የሚበር አውሮፕላን የሚያልፍበት ሰማይ በሞቃዲሾ ስም የተመዘገበ ነው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በሐርጌሳ ቆንስላ አላት፤ ፓስፖርቷንም ትቀበላለች፤ ይህ ግን በሕግ ዓይን ዕውቅና አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቆንስላ ከፍቶ፣ ወደብ ተከራይቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ዕውቅና ሳይሰጡ መኖር ይቻላል። ዕውቅና የሚሆነው መንግሥት ሆን ብሎ፣ ግልጽ አድርጎ ሲሰጠው ነው።

በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ያን ያህል ግርግር ያስነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። ሐርጌሳ ዕውቅና ተገብቶልኛል አለች፤ የኢትዮጵያ መግለጫ የተናገረው ግን ጉዳዩን በጥልቀት አይቶ አቋም ስለመውሰድ ነው። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ሞቃዲሾ በቀናት ውስጥ ሰነዱን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። በዲሴምበር 2024 ደግሞ አንካራ ላይ ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንዳቸው የሌላቸውን ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት እንደሚያከብሩ ተስማሙ። በዲሴምበር 2025 መጨረሻ እስራኤል ዕውቅና በመስጠት ከተባበሩት መንግሥታት አባላት የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ሞቃዲሾና የአፍሪካ ኅብረት ተቃወሙ። አንድ አባል ሲሰጥ በዚያ አባልና በሐርጌሳ መካከል ያለውን ግንኙነት ይለውጣል፤ ሌሎቹን ግን አያስገድድም። በኒውዮርክ ያለው ወንበርም አልተነካም።

ወደ ካርታችሁ ልምጣ። ሶማሊያን በሙሉ በአንድ ቀለም ቀቡ፤ የትምህርት ቤት ካርታ የሚከተለው የተባበሩት መንግሥታትን አባላት ነው። ከዚያ የ1894ቱን የብሪታንያና የጣሊያን መስመር በተቆራረጠ መስመር አስገቡ። የኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ 8ኛው የሰሜን ኬክሮስና 48ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ከሚገናኙበት ይጀምራል፤ 9ኛው ኬክሮስና 49ኛው ኬንትሮስ እስከሚገናኙበት ሰያፍ ይሄዳል፤ ከዚያ 49ኛውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሰሜን እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይዘልቃል። ከመስመሩ በስተ ምዕራብ በላዩ ላይ ሰያፍ ጭረት አድርጋችሁ፣ በመፍቻው ሳጥን «ከ1991 ጀምሮ በሶማሌላንድ አስተዳደር የሚመራ፤ ሶማሊያ ግዛቴ ናት የምትለው» ብላችሁ ጻፉ። ላስ አኖድ ከመስመሩ በስተ ምዕራብ ትወድቃለች፤ እሷን ግን በነጠብጣብ ለዩዋት፤ ሐርጌሳ የእኔ ናት ብትልም ከ2023 ወዲህ አታስተዳድራትም። ጥያቄዋን ላነሣችው ተማሪ ጭረቱን ራሷ እንድትሥል ብትሰጧት ደስ ይለኛል።